የኤስኤስኤች የግል ቁልፍ ለሌሎች ክፍት ሲሆን ለምን ውድቅ ይደረጋል?

የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ አዲስ ኮምፒውተር ተሰጥቶት ፋይሎቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያዛውራል እንበል። ከፋይሎቹ መካከል የመሥሪያ ቤቱ መረጃ ወደተቀመጠበት ሰርቨር የሚገባበት የኤስኤስኤች የግል ቁልፍ ይገኝበታል። ባለሙያው ቁልፉን በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ በሊኑክስ በሚሠራው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ካስቀመጠ በኋላ እንደወትሮው ወደ ሰርቨሩ ለመግባት ሲሞክር የሚከተለው ማስጠንቀቂያ ይቀርብለታል።

```
WARNING: UNPROTECTED PRIVATE KEY FILE!
Permissions 0755 for '/home/user1/.ssh/id_ed25519' are too open.
It is required that your private key files are NOT accessible by others.
This private key will be ignored.
```

የማስጠንቀቂያው ፍሬ ነገር የግል ቁልፉ የተቀመጠበት ፋይል ፈቃድ ከሚገባው በላይ ክፍት መሆኑን፣ ፋይሉ በሌሎች ሰዎች ሊነበብ እንደማይገባ፣ በዚህም ምክንያት ቁልፉ ሥራ ላይ እንደማይውል የሚገልጽ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ በይለፍ ቃል መግባት የተከለከለ ከሆነም `Permission denied (publickey)` የሚል መልስ ይሰጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ የመጨረሻ መልስ ላይ ነው። መልሱ ፈቃድ እንደተከለከለ ስለሚናገር፣ አንዳንዱ ሰርቨሩ ስሙን የሰረዘበት ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ፈቃድ የጎደለ መስሎት ፋይሉን `chmod 777` በሚለው ትእዛዝ ለሁሉም ይከፍተዋል። ችግሩ ግን ፈቃዱ ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ቁልፉን ያልተቀበለውም ሰርቨሩ ሳይሆን በራሱ በባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ነው።

ኤስኤስኤች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሌላውን በምስጢራዊ መስመር ለማዘዝ የሚያገለግል አሠራር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን የተዘጋጀ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ ሰርቨሮች ላይ የሚገኘው ኦፕን ኤስኤስኤች የተባለው ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በኦፕን ቢኤስዲ ፕሮጀክት ሥር ይፋ ሆኗል። በዚህ አሠራር ተጠቃሚው ሁለት ተጓዳኝ ቁልፎች ይኖሩታል። ይፋዊው ቁልፍ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ የግል ቁልፉ ግን ከተጠቃሚው እጅ አይወጣም።

የሁለቱን ልዩነት ከመሥሪያ ቤት አሠራር ጋር በማነጻጸር መረዳት ይቻላል። ይፋዊው ቁልፍ ባንክ ዘንድ እንደሚቀመጥ የፊርማ ናሙና ነው፤ ማንም ቢያየው ገንዘብ ሊያወጣበት አይችልም። የግል ቁልፉ ግን እንደ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ነው። ማኅተሙን ያገኘ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ስም ደብዳቤ ሊያወጣ ይችላል፤ ተቀባዩም ማኅተሙን እንጂ የያዘውን እጅ አያይም።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። ማኅተም ከመሳቢያ ቢሰረቅ ባዶ ቦታው ይታያል። የግል ቁልፍ ግን ተራ የጽሑፍ ፋይል በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተነበበ ሊገለበጥ ይችላል፤ ዋናው ፋይልም በነበረበት ስለሚቆይ ባለቤቱ የጎደለ ነገር አያገኝም። በተገለበጠው ቁልፍ የሚገባውን ሰውም ሰርቨሩ ከእውነተኛው ባለቤት ለይቶ ሊያውቀው አይችልም። ፕሮግራሙ በማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይወሰን ቁልፉን ሙሉ በሙሉ የሚተወውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በማስጠንቀቂያው ላይ የሚታየው 0755 የተባለው ቁጥር ምን እንደሚናገር ማወቅ ጠቃሚ ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ እያንዳንዱ ፋይል ለሦስት ወገኖች የተሰጠ ፈቃድ አለው። የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች በቅደም ተከተል የፋይሉን ባለቤት፣ ፋይሉ የተመደበበትን ቡድን እና በኮምፒውተሩ ላይ ያሉ ሌሎች ተጠቃሚዎችን ያመለክታሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ እንደ ፕሮግራም ማስኬድ 1 ተብለው ይቆጠሩና ለአንድ ወገን የተሰጡት ይደመራሉ። በመሆኑም 755 ማለት ባለቤቱ ሦስቱም ፈቃዶች ሲኖሩት፣ ቡድኑና ሌሎች ፋይሉን ማንበብና ማስኬድ ይችላሉ ማለት ነው። ለማኅተም መሳቢያ ይህ በር ወለል አድርጎ መክፈት ነው።

ፕሮግራሙ የሚያደርገው ምርመራ አጭርና ግልጽ ነው። የቁልፉን ፋይል ይከፍትና ይዘቱን ከማንበቡ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወገን ይመለከታል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ያልፋል፤ አንዱ እንኳ ከዜሮ የተለየ ከሆነ ቁልፉን ይተወዋል። በዚህ መሠረት 600 እና 400 ተቀባይነት ሲኖራቸው፣ 644 እና 640 ውድቅ ይሆናሉ። ለሥራ ባልደረቦች ብቻ ተብሎ በ640 ለቡድን የተከፈተ ቁልፍም ቢሆን አያልፍም። ለበርካታ ሠራተኞች አንድ ሰርቨር ማስገባት ካስፈለገ ትክክለኛው አሠራር እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቁልፍ አዘጋጅቶ ይፋዊ ቁልፎቹ ሁሉ በሰርቨሩ ላይ እንዲመዘገቡ ማድረግ ነው።

ቁልፉ በተጨማሪ የይለፍ ሐረግ የተቆለፈ ቢሆንም ምርመራው አይቀርለትም። ፕሮግራሙ ሐረጉን ወደ መጠየቅ የሚሸጋገረው የፋይሉ ፈቃድ ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ነው።

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ቁልፉ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ በትክክለኛው ፈቃድ 600 ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ፈቃዱ የተለወጠው በጉዞ ላይ ነው። ፍላሽ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁበት ፋት የተባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት የባለቤትንና የቡድንን ፈቃድ አይመዘግብም። ሊኑክስ እንዲህ ያለውን ዲስክ ሲያነብ ለሁሉም ፋይል አንድ ዓይነት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ይህም 755 ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ሲገለበጥም ይህንኑ ፈቃድ ይዞ ይገባል። በፍላሹ ላይ እንዳለ ፈቃዱን ለማጥበብ መሞከርም ውጤት የለውም፤ በቅድሚያ ወደ ኮምፒውተሩ ራሱ መገልበጥ ይኖርበታል።

ማስተካከያው የሚከናወነው በሚከተሉት ትእዛዞች ነው።

```
chmod 700 ~/.ssh
chmod 600 ~/.ssh/id_ed25519
ls -l ~/.ssh/id_ed25519
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ቁልፉ ያለበትን ፎልደር ለባለቤቱ ብቻ የሚያስገባ ያደርገዋል። ፎልደር ውስጥ ለመግባት የማስኬድ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ቁጥሩ 600 ሳይሆን 700 ይሆናል። ሁለተኛው የግል ቁልፉን ለባለቤቱ ብቻ እንዲነበብና እንዲጻፍ ያደርጋል። በሦስተኛው ትእዛዝ መልስ መጀመሪያ ላይ `-rw-------` የሚል ከታየ ሥራው በትክክል ተከናውኗል። `id_ed25519.pub` የተባለው ይፋዊ ቁልፍ ግን 644 ሆኖ ለሁሉም ቢነበብ ጉዳት የለውም።

በሰርቨሩ በኩልም ተመሳሳይ ምርመራ አለ፤ የሚፈራው ነገር ግን የተለየ ነው። በዚያ የሚገኘው `authorized_keys` የተባለው ፋይል እንዲገቡ የተፈቀደላቸውን ይፋዊ ቁልፎች ዝርዝር የያዘ ነው። ዝርዝሩን ሌላ ሰው ቢያነበው የሚወጣ ምስጢር የለም፤ ሌላ ሰው ሊጽፍበት ከቻለ ግን የራሱን ቁልፍ ጨምሮ በባለቤቱ ስም ይገባል። ስለሆነም ሰርቨሩ የሚመረምረው ፋይሉ፣ `.ssh` ፎልደሩና የተጠቃሚው ዋና ፎልደር በቡድን ወይም በሌሎች ሊጻፍባቸው የሚችል መሆን አለመሆኑን ነው። ለፋይሉ 600፣ ለ`.ssh` 700፣ ለዋናው ፎልደር 700 ወይም 755 ተስማሚ ናቸው፤ 777 ግን ውድቅ ያስደርጋል። ይህ ችግር በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ግልጽ ማስጠንቀቂያ አያሳይም። ምክንያቱ የሚገኘው በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያም `bad ownership or modes` የሚል ቃል ይነበባል።

የፕሮግራሙ ምርመራ ወሰን እንዳለውም መታወቅ ይኖርበታል። ምርመራው የሚደረገው የፋይሉ ባለቤትና ትእዛዙን የሰጠው ሰው አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ በ`sudo` በኩል የሌላ ተጠቃሚን ቁልፍ ቢጠቀም ማስጠንቀቂያው አይመጣም። አንዳንዶች በዚህ መንገድ ማስጠንቀቂያውን ሲያልፉት ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል፤ ፋይሉ ግን ለሌሎች ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ መለየት የሚገባው ፈቃድን ማጥበብና ቁልፍን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። 600 ማድረግ ከዚያች ቅጽበት በኋላ በሩን ይዘጋል፤ ቀደም ሲል የተገለበጠውን አያስመልስም። ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው ባለሙያው ብቻ ከሆነና ፍላሹም ከእጁ ካልወጣ ፈቃዱን ማስተካከሉ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ብዙ ሠራተኞች በየራሳቸው ስም የሚገቡበት ከሆነ ወይም ፍላሹ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ከሆነ ግን ቁልፉ በሌላ ሰው እንደተገለበጠ መቁጠር ተገቢ ነው። ከፍላሹ ላይ ፋይሉን መሰረዝም በቂ አይደለም፤ የተሰረዘ ፋይል ሌላ መረጃ እስኪጻፍበት ድረስ በልዩ ፕሮግራም ተመልሶ ሊገኝ ይችላልና።

በዚህ ጊዜ ባለሙያው `ssh-keygen -t ed25519` በሚለው ትእዛዝ አዲስ ቁልፍ በሌላ ስም ያዘጋጃል። አዲሱን ይፋዊ ቁልፍ በሰርቨሩ `authorized_keys` ውስጥ ያስገባል፤ በአዲሱ ቁልፍ መግባት መቻሉንም ያረጋግጣል። የአሮጌውን ቁልፍ መስመር ከዝርዝሩ የሚሰርዘው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባና አሮጌው አስቀድሞ ከተሰረዘ ባለሙያው ራሱ ከደጅ ሊቀር ይችላል። መስመሩ ከተሰረዘበት ጊዜ ጀምሮ ግን የአሮጌው ቁልፍ ቅጂ በማንም እጅ ቢገኝ ያንን ሰርቨር ሊከፍት አይችልም።