ቅዳሜን ለመዝጋት የተጻፈች አንድ ገጽ

በአንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የሥራ ሰዓት የሚቀይር ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ። የመጀመሪያው ሦስት መስመር ነበር። «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ከሰኞ ጀምሮ የመግቢያ ሰዓት ጠዋት 2:00 እንዲሆን የተወሰነ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ። ሰኞ ጠዋት ከሒሳብ ክፍል አንዲት ባልደረባችን የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ገባች። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር የሚከፈተው 2:00 ላይ ስለሆነ ልጁን የምታስቀምጥበት አልነበራትም። ልጁ ቦርሳውን እንዳዘለ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። እስከ ረቡዕ ድረስ በቢሮው የሚወራው ሌላ ነበር፤ ድርጅቱ ሊሸጥ ነው፣ ሰው ሊቀነስ ነው፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የሚፈልገው ሰው አለ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ድሮው ሰዓት ተመለስን።

ሰዉ የተቆጣው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በመግባቱ አይመስለኝም። «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» የሚለው ሐረግ ምክንያት የሌለው ምክንያት ነው። አንባቢው እውነተኛውን ምክንያት ስላላገኘ የራሱን ይፈጥራል፤ የሚፈጥረው ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነተኛው የከፋ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ የመጣው በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ሐሳቡ የቅዳሜን ግማሽ ቀን መዝጋት ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ 2:30 ገብተን 6:30 ለምሳ እንወጣለን፤ ከ7:30 እስከ 11:30 እንሠራለን። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል የምሳው ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ቅዳሜ ከ2:30 እስከ 6:30። ሲደመር በሳምንት 43 ሰዓት ይሆናል። አዲሱ ዕቅድ የቅዳሜን አራት ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት አድርጎ የሚያከፋፍል ነው፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መግባት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መውጣት።

በዚህ ጊዜ ብዕር ከማንሳቴ በፊት ሕጉን አየሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ይገድበዋል። ሥራው የሚጠይቅ ሲሆን ግን የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይፈቅዳል፤ ታዲያ የትኛውም ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ቢሄድ ጭማሪው ከሁለት ሰዓት ማለፍ የለበትም። የእኛ 9 ሰዓት ከዚያ በታች ነው። የሕግ አማካሪያችን ግን አንድ ነገር አነሣ። ቅዳሜን ጨርሶ መዝጋት ከ«ማሳጠር» አልፎ ሊታይ ስለሚችል የሠራተኛ ማኅበሩ በጽሑፍ ይስማማበት አለን። ያ ምክር ሥራ አብዝቶብናል፤ ያዳነንም እሱ ነው፤ ለማስማማት ስንሄድ ተቃውሞውን ቀድመን ሰማነው።

ስድስት ሰዎች ጠራሁ። ሾፌር፣ ጽዳት፣ ሒሳብ፣ ሽያጭ፣ መጋዘን፣ ማታ የሚማር አንድ ወጣት። ዕቅዱን በአፍ ነገርኳቸውና «ይህ በእናንተ ቤት ምን ያበላሻል?» ብዬ ጠየቅሁ። ትወዱታላችሁ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ለዚያ ጥያቄ ሰው ለይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይላል፤ ቤቱን ሲጠየቅ ግን ዝርዝር ያወጣል። የልጇን ነገር የማውቀው የሒሳብ ባልደረባችን በሩ አሁንም 2:00 ላይ እንደሚከፈት አስታወሰችኝ። ወጣቱ ትምህርቱ 12:00 ይጀምራል። የጽዳት ባልደረባችን ስለ ጨለማ አነሣች። በኅዳር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12:00 ገደማ ስለሆነ ሁላችንም የምንወጣው ሲመሽ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ከአያት አደባባይ አልፋ ጭር ባለ መንገድ ነው የምትሄደው። ሾፌሩ ያነሣው እኔ ጨርሶ ያላሰብኩትን ነው። «ረመዳን የካቲት ላይ ይገባል፤ 12:00 ወጥቼ ጀሞ እስክደርስ ኢፍጣሬን መንገድ ላይ ላድርግ?» አለኝ።

የመጋዘኑ ተወካይ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኛንም ያካትታል?» አለ። አላካተተም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጡ መኪኖች ቅዳሜም ስለሚያራግፉ ለመጋዘኑ ሰባት ሰዎች ሰዓቱ እንደነበረ ይቀጥላል። ይህ ከሁሉም የከበደው ነበር። የሌሎቹ ተቃውሞ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ በማሸጋሸግ ይፈታል። የእነሱ የእኩልነት ጥያቄ ነው፤ በማሸጋሸግ አይፈታም። ስለዚህ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት መጋዘን ድረስ ሄጄ ሰባቱንም አንድ ላይ አገኘኋቸው። ከወረቀት ላይ እንዲያነቡት አልፈለግሁም። አልተደሰቱም፤ ግን ማስታወቂያው ሲወጣ ሰሌዳው ፊት ያዘነ እንጂ የተከዳ ፊት አላየሁም።

ማስታወቂያው ሰኞ ጥቅምት 11 ተለጠፈ። ከጣት አሻራው ማሽን አጠገብ አንድ፣ በሾፌሮች ክፍል አንድ፣ በቴሌግራም ግሩፑም አንድ። እንዲህ ይላል፦

«ከሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከመጋዘን በስተቀር ቅዳሜ ቢሮ አይከፈትም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት 2:00 ገብተን ማታ 12:00 እንወጣለን፤ ምሳ ከ6:00 እስከ 7:00 ነው። ዓርብ ከ2:00 እስከ 5:30 እና ከ7:30 እስከ 11:00 እንሠራለን። የሳምንቱ ድምር እንደ ድሮው 43 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ምክንያታችን ወጪ ነው። ባለፉት ስምንት ቅዳሜዎች በበር መዝገብ የተቆጠረው ደንበኛ በአንድ ቅዳሜ ከአሥር አልበለጠም፤ ለዚህ ሁለት ሰርቪስና ጄኔሬተር ነዳጅ ይበላሉ። ከሚተርፈው ነዳጅ የተወሰነው ሰርቪሱ ማታ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ገብቶ እንዲያደርስ ይውላል።

ልጅ የሚያደርስ ሰው 2:30 መግባት ይችላል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምሳውን ወደ ግማሽ ሰዓት ያሳጥራል፣ ዓርብ 11:30 ይወጣል። የማታ ተማሪዎች ከሰኞ እስከ ሐሙስ 1:30 ገብተው፣ ምሳቸውን በግማሽ ሰዓት ጨርሰው 11:00 ይወጣሉ። በረመዳንና በሁዳዴ የሚጾም ሰው ከፈለገ በእነዚሁ ቀናት የምሳ ዕረፍቱን በግማሽ ሰዓት አሳጥሮ 11:30 ይወጣል። የዓመት ፈቃድ ቀናት አይቀነሱም። ቅዳሜ ለሥራ የተጠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል እጥፍ ያገኛል።

የመጋዘን ባልደረቦቻችን ሰዓት አይለወጥም፤ ቅዳሜ የሚያራግፉ መኪኖች ስላሉ ነው። ለዚህ አሁን መፍትሔ የለንም።

ይህ እስከ መጋቢት 30 የሚቆይ ሙከራ ነው። ያላሰብነው ችግር ያለበት ሰው እስከ ጥቅምት 22 ድረስ ለሰው ኃይል ክፍል በአፍም በጽሑፍም ይንገረን።»

እያንዳንዱ ሐረግ ከአንድ ስሕተት የተማርነው ነው። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለው የመጣው በመጀመሪያው ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ቅጂ «8:00» ይል ስለነበረና ያም ቅጂ ግሩፑ ላይ ስለወጣ ነው። የጣት አሻራው ማሽንም የሚያሳየው 8:00 ብሎ ነው። አንድ ጥበቃ ከቀትር በኋላ መስሎት ልጁን አስደውሎ ጠይቆናል። ቀኑን ደግሞ በቁጥር ብቻ «2/3» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ኅዳር 2፣ ግማሹን ማርች 2 ወይም ፌብሩዋሪ 3 ያስነብበዋል። የወሩን ስም መጻፍ የሚፈጀው አንድ ቃል ነው።

ወጪ መሆኑን በግልጽ ማለታችን በአለቆች ዘንድ አከራክሮ ነበር። «ለሠራተኛው ዕረፍት ሲባል» እንበል የሚሉ ነበሩ። ሁለት ሙሉ የዕረፍት ቀን ማግኘት ጥቅም መሆኑን ማንም ሳይነግረው ሰው ያውቀዋል። ድርጅቱ ግን ለዚያ ብሎ አላደረገውም፤ ብንል ኖሮ ነዳጅ የሚቀዳው ሾፌር በአንድ ሳምንት ያውቅብን ነበር። የሚተርፈው ገንዘብ የት እንደሚገባ አብሮ መጻፉ ነው ምክንያቱን እንዲዋጥ ያደረገው።

ተቃውሞን ቀድሞ መመለስ ግን ወሰን አለው። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «ይህ ለውጥ ደመወዝ አይነካም፣ የሰው ቅነሳም አያስከትልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አንብቦ፣ «ስለ ቅነሳ ማን ጠየቀ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ማንም ያላነሣውን ፍርሃት ማስተባበል ፍርሃቱን መዝራት ነው። ሰረዝኩት። ለደመወዙ ጥያቄ መልሱ «43 ሰዓት እንደ ድሮው» የሚለው ድምር ነው፤ ሰው ራሱ ደምሮ ሲያገኘው ከማንኛውም ማረጋገጫ ይበልጥ ያምነዋል። ብዙዎቹ በስልካቸው ሲደምሩ አይቻለሁ።

የዓመት ፈቃዱ ግን የተጠየቀ ነበር። በሕጉ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሆኖ ስለሚቆጠር አንድ ሳምንት የሚወጣ ሰው አምስት ቀን ተኩል ይጠፋበት ነበር። አሁን አምስት ብቻ ነው። ፋይናንስ ክፍል ልዩነቱን አስልቶ ይቀነስ ብሎ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ እምቢ አለ። ቀንሰን ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነበረብን፤ ያቺ አንዲት መስመር የቀረውን ገጽ ሁሉ ትበላው ነበር።

እስከ ጥቅምት 22 አራት ሰዎች መጡ። ሦስቱ የመጡበት ጉዳይ ማስታወቂያው ውስጥ መልስ ስላለው መስመሩን አሳይቼ መለስኳቸው። አራተኛዋ ሻይ የምታፈላልን ሴት ነበረች። እሷ የድርጅቱ ቅጥር አይደለችም፤ በኮንትራት ነው የምትሠራው፤ ክፍያዋም በቀን ነው። የቅዳሜ ቀን ሲዘጋ በወር አራት ቀን ክፍያ ይቀርባታል። ከጠራኋቸው ስድስት ሰዎች ውስጥ እንደ እሷ የሚከፈለው አንድም አልነበረም፤ ስብሰባው ላይ ሻይ ያመጣችው ግን እሷ ነበረች። ቅዳሜ ለመጋዘኑ ሰዎች እዚያው ሄዳ እንድታፈላ ተስማማን፤ ማስታወቂያውም ላይ በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨመረ።