ከ«ውሃ ብክለት» እስከ አንድ ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ችግር እንዴት ይጠባል?

ለመመረቂያ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚቀርበው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የፍላጎት ስም ብቻ ነው፦ «የውሃ ብክለት»፣ «የወጣቶች ሥራ አጥነት»፣ «ማኅበራዊ ሚዲያና ተማሪዎች»። ስሙ ተማሪው ስለ ምን ማንበብ እንደሚወድ ይናገራል። ገና ያልታወቀው ምን እንደሆነና በምን ተለክቶ ሊታወቅ እንደሚችል ግን አይናገርም። በፕሮፖዛል ውስጥ የችግሩ መግለጫ የሚባለው ክፍል የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ የታወቀውን ያስቀምጣል፣ ያልታወቀውን ለይቶ ያወጣል፣ አለመታወቁ ማንን እንደሚጎዳ ያሳያል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ርዕስን ለማጥበብ የተለመደው ዘዴ የቦታ ስም መጨመር ነው። «የመጠጥ ውሃ አቅርቦት ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» በሚለው ላይ «በእገሌ ከተማ» ይቀጠልበትና ርዕሱ እንደጠበበ ይታሰባል። የቦታው ስም ግን ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ብቻ ነው የሚወስነው። ተግዳሮቶቹ የበጀት፣ የቧንቧ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የአስተዳደር ወይም የምንጭ መድረቅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በትንሿ ከተማም ቢሆን ሁሉም አሉ። የዚህ ዓይነት ጥናት መጨረሻው ብዙ ጊዜ የመጠይቅ ሰንጠረዥ ነው፤ «በጀት ያንሳል» ያሉት ይህን ያህል በመቶ፣ «መለዋወጫ የለም» ያሉት ይህን ያህል በመቶ ተብሎ ይዘጋል። ይህን የከተማው የውሃ አገልግሎት ሠራተኛ ጥናቱ ሳይሠራም ያውቀው ነበር። ጥያቄ በእርግጥ የሚጠበው የሚለካውና የሚነጻጸረው ነገር ሲመረጥ ነው። አመራረጡን ለማየት «በውሃ ብክለት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» የሚል የአካባቢ ጤና ተማሪን መከተል ይበቃል።

ተማሪው በመጀመሪያ ውሃው ከምንጩ እስከ ብርጭቆ የሚያልፍበትን መንገድ በወረቀት ላይ ያሰፍራል፦ ምንጩ ወይም ግድቡ፣ ማጣሪያ ጣቢያው፣ ማጠራቀሚያው፣ የቧንቧው መስመር፣ የቤቱ ጀሪካንና በርሜል፣ በመጨረሻም መጠጫው። ከዚያ በየማቆሚያው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ አሁን የሚለካ ሰው አለ ወይ? አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር እዚህ መድረስ ይችላል ወይ? ማጣሪያ ጣቢያው ፈቃድ ይፈልጋል፣ ባለሙያዎቹም በየዕለቱ ይለኩታል። የተቀበረ ቧንቧ ውስጥ መግባት አይቻልም። ቤት ውስጥ ያለው ጀሪካን ግን በር አንኳኩቶ ባለቤቶቹን በማስፈቀድ ይደረስበታል፣ በመደበኛነት የሚለካውም የለም። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ከተሞች ደግሞ ቤተሰቡ የሚጠጣው ለቀናት የተቀመጠ ውሃ ነው። ጥናትን ለመድረስ ቀላል በሆነው ቦታ ማድረግ አንዳንድ መምህራን የሚነቅፉት ምርጫ ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ ግን ሊደረስበት የማይቻል ጥያቄ ከነጭራሹ ጥያቄ አይባልም።

ቀጥሎ ንባብ ይመጣል። የተማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ቤት ውስጥ ይበከላል ወይ?» የሚል ይሆናል። ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ተመልሷል። ጂም ራይት፣ ስቲቨን ጋንድሪና ሮናን ኮንሮይ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ የውሃው ንጽሕና ከመቅጃው እስከ መጠጫው ባለው መንገድ በብዙ ቦታዎች እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ርዕሱን ይጥላል፣ አንዳንዱ በሌላ ከተማ ያንኑ ይደግማል። የሚሻለው የታወቀውን እንደ ወለል ቆጥሮ በላዩ መቆም ነው። መበከሉ ከታወቀ፣ በፈረቃ የመጣ የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው መከላከያ የሚያልቀው በስንተኛው ቀን ነው? ይህ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ እንደ ውሃው፣ እንደ ዕቃውና እንደ ፈረቃው ርዝመት ይለያያል።

መከላከያው ክሎሪን ነው። ከማጣሪያው ሲወጣ የተጨመረው ክሎሪን ከፊሉ በመንገድ ይሠራል፣ የቀረው ቀሪ ክሎሪን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውሃው ለተጠቃሚው ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ነፃ ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። ውሃው ሲቀመጥ ይህ መጠን ይወርዳል፤ በውሃው ውስጥ ያለ ቆሻሻ፣ በዕቃው ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ልጋግ፣ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ያፋጥኑታል። መለኪያው ቀላል ነው። ዲፒዲ የተባለች እንክብል በውሃው ናሙና ውስጥ ስትሟሟ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ የቀለሙ ድምቀት ከሰሌዳ ጋር ተነጻጽሮ መጠኑ ይነበባል። ክሎሪን ናሙናው ውስጥም መውረዱን ስለሚቀጥል ልኬቱ እዚያው ቤት ደጃፍ መደረግ አለበት። ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ ጠርሙስ አይረዳም።

ይህ ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል። ክሎሪን መኖሩ ወይም አለመኖሩ ተህዋሲያን በውሃው ውስጥ መኖራቸውን በቀጥታ አይናገርም። ኢ. ኮላይን መቁጠር የበለጠ ይናገር ነበር፤ ነገር ግን በቀዝቃዛ ማጓጓዣ፣ በማራቢያ ሳጥንና በአንድ ቀን ጥበቃ ስለሚሠራ ለአንድ ተማሪ ብዙ ቤቶችን በተደጋጋሚ መለካት ይከብደዋል። ስለዚህ «ደኅንነቱ የተጠበቀ ውሃ» የሚለው ሐረግ ከጥያቄው ይወጣና «ቀሪ ክሎሪን» ይገባል። ጥያቄው መለኪያው ከሚያየው በላይ ቃል መግባት የለበትም።

አሁን ጥያቄው ሊጻፍ ይችላል፦ በየአራት ቀኑ ውሃ በሚደርሳቸው ቤቶች ውስጥ በክዳን ጀሪካንና በበርሜል የተቀመጠ የቧንቧ ውሃ ቀሪ ክሎሪን ከ0.2 ሚሊግራም በሊትር በታች የሚወርደው በስንተኛው ቀን ነው? በሁለቱ ዕቃዎች መካከልስ ልዩነት አለ ወይ?

ጥያቄው ሊሠራ የሚችል መሆኑ የሚታወቀው ልኬቱ ሲቆጠር ነው። 30 ቤቶች ቢመረጡ፣ በእያንዳንዱ ቤት ሁለት ዕቃ ቢለካ፣ ልኬቱም በተቀዳበት ዕለትና በሚቀጥሉት አራት ቀናት አንድ አንድ ጊዜ ቢደረግ፣ 300 ልኬት ይሆናል፤ 300 እንክብልም ማለት ነው። በአንድ ቀን 60 ዕቃ መለካት አይቻልምና በእያንዳንዱ ፈረቃ ስድስት ቤት ብቻ ይጀመራል። በአምስት ፈረቃ፣ ማለትም በ20 ቀን ገደማ፣ ሁሉም ያልቃል። የአንዱ ቡድን የመጨረሻ ልኬት አዲሱ ውሃ ከመጨመሩ በፊት መወሰድ አለበት፤ ያ ቀን የሚቀጥለው ቡድን የሚጀምርበት ስለሆነ 12 ቤቶችን ይጠይቃል። ይህ ስሌት በፕሮፖዛሉ ውስጥ ባይካተትም ከመግለጫው በፊት መሠራት አለበት፤ 20 ቀኑ 80 ሆኖ ቢወጣ መለወጥ ያለበት ጥያቄው ነውና።

ከስሌቱ በኋላ ሁለት ሦስት ቤት ላይ ሙከራ ይደረጋል። እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ጥያቄዎች ይወድቃሉ። ውሃው ከቧንቧው ገና ሲወርድ እንክብሏ ምንም ሮዝ ካላሳየች፣ በጀሪካን ውስጥ የሚወርድ ነገር የለም፣ ጥያቄውም ባዶ ነው። ተማሪው ግን አልከሰረም፤ ክሎሪኑ በመስመሩ ላይ የት እንደጠፋ የሚጠይቅ ሌላ፣ ምናልባትም የተሻለ ችግር አግኝቷል፤ ከማጠራቀሚያው የቅርብና የሩቅ ቧንቧዎችን ማነጻጸር ይችላል። ሙከራውን ሳያደርግ መግለጫውን ያስጸደቀ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ግን በመረጃ መሰብሰቢያው ሳምንት ነው።

ዌይን ቡዝ፣ ግሪጎሪ ኮሎምብና ጆሴፍ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የምርምር መጽሐፍ የተግባር ችግርንና የምርምር ችግርን ይለያሉ። ሰዎች መታመማቸው የተግባር ችግር ነው፤ መፍትሔው ሥራ ነው። የምርምር ችግር ግን ያልታወቀ ነገር ነው፤ መፍትሔው መልስ ነው። መግለጫው ሁለቱን ማያያዝ አለበት፣ ማምታታት ግን የለበትም። «በከተማዋ የውሃ ማከሚያ እጥረት አለ» የሚል መግለጫ መፍትሔውን አስቀድሞ የደበቀ ነው፤ ማከሚያ ያስፈልጋል ከማለት ሌላ ምንም ሊደርስበት አይችልም።

በጥሩ መግለጫ ውስጥ መልሱ ወዴትም ቢያጋድል ሰው የሚጠቀምበት ነው። ክሎሪኑ በሁለተኛው ቀን የሚያልቅ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤተሰቦች በዚያ ቀን ውሃ አጋርን የመሰለ የቤት ማከሚያ እንዲጨምሩ ሊመክሩ ይችላሉ። እስከ አራተኛው ቀን የሚቆይ ከሆነ ወጪውና ድካሙ ወደ ሌላ ይዞራል። አንዱ መልስ ብቻ ጠቃሚ የሆነበት ጥያቄ ተመራማሪውን ወደዚያ መልስ ይጎትተዋል።

እንግዲህ መግለጫው በአጭሩ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «በከተማዋ የቧንቧ ውሃ በየአራት ቀኑ ስለሚዳረስ ነዋሪዎች የመጠጥ ውሃን በጀሪካንና በበርሜል ያስቀምጣሉ። በቤት የሚቀመጥ ውሃ ንጽሕናው እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ነገር ግን በዚህ የፈረቃ ሥርዓት ውስጥ ቀሪ ክሎሪን ከሚመከረው መጠን በታች የሚወርደው መቼ እንደሆነና በዕቃው ዓይነት ይለያይ እንደሆነ አልተለካም። ይህ ስላልታወቀ የቤት ውስጥ ማከሚያ መቼ መጨመር እንዳለበት ለነዋሪዎች የሚሰጥ ምክር መሠረት የለውም።» «አልተለካም» የሚለው ቃል መጻፍ ያለበት ተማሪው የከተማውን የውሃ አገልግሎት ጠይቆ፣ በአካባቢው የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችንም አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የዓለም ሕዝብ ስንት እጅ ንጹሕ ውሃ እንደማያገኝ፣ ከዚያ የአፍሪካ፣ ከዚያ የኢትዮጵያ አኃዝ አልተደረደረም። ሁለት ገጽ አኃዝ ከዓለም ወደ ቀበሌ መውረድ በብዙ ፕሮፖዛሎች ውስጥ እንደ ግዴታ የተያዘ ልማድ ነው፤ ምን ያልታወቀ እንዳለ ግን አንዱም አኃዝ አይናገርም። «ተጽዕኖ» የሚለው ቃልም አልገባም። ባለበርሜል ቤቶች ከባለጀሪካን ቤቶች ልዩነት ቢያሳዩ፣ በርሜሉ አፈ ሰፊ ስለሆነ ነው፣ ፀሐይ ስለሚመታው ነው ወይስ በጣሳ ስለሚጨለፍበት ነው የሚለውን ይህ ንድፍ ሊለየው አይችልም። ንጽጽሩ ቤተሰቦች በተለምዶ በሚይዟቸው ዕቃዎች መካከል እንደሆነ መጻፉ በቂ ነው።

ርዕሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ከጥያቄውም ይወሰዳል፦ «በፈረቃ የሚዳረስ የቧንቧ ውሃ ቀሪ ክሎሪን በቤት ውስጥ ማጠራቀሚያዎች የሚቆይበት ጊዜ»። የከተማዋ ስም አሁን ከሥሩ ቢጨመር ሥራ አለው፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ፈረቃው ስንት ቀን እንደሆነ ለአንባቢው ይነግረዋል።