ቦታዎ ስንት ካሬ ቤት ያስገነባል?

280 ካሬ ሜትር ቦታ ያለው ሰው በ280 ካሬው ሁሉ ላይ ቤት እንደማይሠራ ያውቃል። ስንት ካሬ መሥራት እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ንድፉ ተሠርቶ፣ ክፍያው ተከፍሎ፣ ወረቀቱ ለማስተካከያ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስሌቱን ግን ማንም ሰው አስቀድሞ በማስመሪያና በእርሳስ ሊሠራው ይችላል።

መነሻው ከግንባታ ፈቃድ በፊት የሚወሰደው የፕላን ስምምነት ነው። ቁጥሮቹ እንደ አካባቢውና እንደ ሕንፃው አገልግሎት ይለያያሉ፤ እዚህ የምንጠቀምባቸው ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ቦታችን በመንገዱ በኩል 14 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 20 ሜትር ነው እንበል። ከመንገድ 3 ሜትር፣ ከሁለቱ ጎኖችና ከጀርባ ደግሞ ሁለት ሁለት ሜትር ክፍት ይተው ተብሏል። ሽፋኑ 50 በመቶ፣ የወለል ስፋት ምጣኔው 1.2፣ ከፍታው እስከ ጂ+2 ነው።

መጀመሪያ የወሰን ርቀቱን፣ ባለሙያዎች ሴትባክ የሚሉትን፣ እንሣል። ሜትሩን በሴንቲ ሜትር አድርገን 14 በ20 የሆነ አራት ማዕዘን እንሥራ፤ አንድ የኤ4 ወረቀት ይበቃዋል። ከእያንዳንዱ ወሰን የተባለውን ርቀት ገብተን ከወሰኑ ጋር ትይዩ መስመር ስናሰምር 10 በ15 የሆነ ቦታ ይቀራል፤ 150 ካሬ ማለት ነው። ቦታው የተንጋደደ ቢሆንም ዘዴው አይለወጥም፤ ርቀቱ የሚለካው ከወሰኑ መስመር በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ደንብ፣ ሽፋን፣ ሕንፃው ከመሬቱ ስንት እጁን እንዲይዝ እንደተፈቀደ ይነግረናል። የ280 ግማሽ 140 ነው። ስለዚህ ሴትባኩ ለ150 ካሬ ቦታ ቢተውም ሽፋኑ በ140 ያቆመናል። ጓሮ የሚሠራ ሰርቪስ ቤትም ከዚሁ 140 ላይ ይቀነሳል።

ሦስተኛው የወለል ስፋት ምጣኔ ነው። ኤፍ ኤ አር ይሉታል። የቦታውን ስፋት በ1.2 ስናባዛ 336 ካሬ እናገኛለን፤ ይህም የወለሎች ሁሉ ድምር ጣሪያ ነው። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጂ+2 ሦስት ወለል ስለሆነ 140ን በሦስት አባዝተው 420 ካሬ ይጠብቃሉ። የተፈቀደው ከዚያ 84 ካሬ ያንሳል።

ይህ ምጣኔ ለምን እንዳስፈለገ ኒውዮርክ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1915 የተጠናቀቀው ባለ 38 ፎቁ ኢኩቴብል ሕንፃ ከቆመበት መሬት ስፋት 30 እጥፍ ያህል ወለል ነበረው፤ በዙሪያው ያሉትንም ጎዳናዎች አጨለማቸው። ከተማዋ በ1916 ባወጣችው ሕግ ረጃጅም ሕንፃዎች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ከመንገድ እንዲሸሹ አዘዘች፤ በ1961 ደግሞ የወለሉን ድምር ራሱን በምጣኔ ገደበች።

ወደ ቦታችን እንመለስ። 336 ካሬውን እንዴት እናከፋፍለው የሚለው የባለቤቱ ምርጫ ነው። ሁለቱን ወለሎች 140፣ 140 አድርጎ ከላይ 56 ካሬ ማስቀመጥ ይቻላል። ሦስቱንም 112 ካሬ ማድረግም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግቢው በ28 ካሬ ይሰፋል። ጂ+1 ላይ የሚያቆም ሰው ግን ከ280 ካሬ አያልፍም፤ 56 ካሬው ሳይሠራበት ይቀራል።

ስሌቱን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከግድግዳው ውፍረት ይመጣል። በንድፍ ላይ ልኬቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ነው። በንድፉ 10 ሜትር የተባለው ቤት ግድግዳው 20 ሳንቲም ከሆነ በውጪ በኩል 10.20 ይሆናል፤ በየጎኑ 10 ሳንቲም ወደ ሴትባኩ ገባ ማለት ነው። ልስኑ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ሌላው መንገድ ማስፋት ነው። በፕላኑ መሠረት ከፊት ለፊት 2 ሜትር ለመንገድ የሚሄድ ከሆነና ስሌቱ በቀሪው መሬት ከተሠራ፣ ቦታው 252 ካሬ ይሆናል። ሽፋኑ ወደ 126፣ የወለሉ ድምር ወደ 302 ይወርዳል። በ2 ሜትር ምክንያት ወደ 34 ካሬ ወለል ይታጣል።

ስለዚህ ለንድፍ ከመክፈልዎ በፊት የፕላን ስምምነቱን ያውጡ፣ ካርታው ላይ ያለውን ልኬት ከአጥሩ ጋር ያመሳክሩ። በረንዳ፣ ደረጃና ምድር ቤት ከስሌቱ ይገቡ እንደሆነም ፈቃድ ሰጪውን ይጠይቁ። ከዚያ ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፈው ቀድሞ የሚያስቆምዎትን ይለዩ። ቤትዎ የሚነደፈው በእሱ ልክ ነው።