ስድስቱ ሰዓት የሚደመረው በምን ላይ ነው? የመስክ መዝገብን ከኢትዮጵያ ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ስለመለወጥ፦ የቦንጋ ምሳሌ

በካፋ ዞን የቡና ደን ውስጥ የሚካሄድ የአየር ሁኔታ ወይም የሥነ ምኅዳር ጥናት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሰዓቶች ይመራል። በዛፍ ላይ የተሰቀለው የሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያ ጊዜን የሚጽፈው በዓለም አቀፉ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የመስክ ረዳቱ ማስታወሻ ደብተርና የገበሬው ቃል ደግሞ ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሚጀምረው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራሉ። ሁለቱን መዝገቦች በአንድ ሰንጠረዥ ለማገናኘት “ስድስት መደመር ነው” የሚለው ደንብ በቂ መስሎ ይታያል። ደንቡ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የሚፈጠረው ስድስቱ ሰዓት በምን ላይ እንደሚደመር ሳይለይ ሲቀር ነው። ይህ ጽሑፍ ስድስቱ ሰዓት መደመር ያለበት በተነበበው ቁጥር ላይ ሳይሆን ቀኑንና የቀን ወይም የሌሊት ክፍሉን በያዘው ሙሉ ጊዜ ላይ መሆኑን፣ ይህ ሳይሆን ሲቀርም ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚከተል በቦንጋ ምሳሌ ያስረዳል።

ልዩነቱ ቋሚ ስለመሆኑ

የኢትዮጵያ ሰዓት በፀሐይ መውጣት ላይ የተመሠረተ ነው ስለሚባል የስድስት ሰዓቱ ልዩነት እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ይለዋወጣል ብሎ የሚያስብ ተመራማሪ ሊኖር ይችላል። የአቆጣጠሩ መነሻ ሐሳብ በእርግጥ ፀሐይ ናት፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሰዓት ግን ፀሐይን በየዕለቱ አይከተልም። መላው አገር የሚጠቀመው ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት የሚቀድመውን የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በዚሁ ሰዓት ላይ የቁጥሩን መነሻ በስድስት ሰዓት ያዛውራል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ማለት በቦንጋም ሆነ በጅግጅጋ፣ በሰኔም ሆነ በጥር 6:00 ነው።

ፀሐይ ራሷ ግን ከዚህ ቁጥር ጋር አትገጥምም። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተመሠረተበት መስመር 45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ቦንጋ የምትገኘው በ36.2 ዲግሪ ገደማ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ በቦንጋ ፀሐይ ከሰዓቱ በአማካይ 35 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። በስሌት ሲታይ፣ ሜዳማ አድማስ ቢኖር ኖሮ፣ በቦንጋ ፀሐይ ቀድማ የምትወጣው በግንቦት መጨረሻ ገደማ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሲሆን፣ ዘግይታ የምትወጣው ደግሞ በጥር መጨረሻ ገደማ ለ1 ሰዓት ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። በአካባቢው ያሉት ተራሮች መዘግየቱን ይጨምሩበታል። በዚህ ስሌት መሠረት በቦንጋ ፀሐይ በትክክል 12 ሰዓት ላይ የምትወጣበት ዕለት በዓመቱ ውስጥ የለም። እንዲህም ሆኖ አቆጣጠሩ ለኑሮ የተስማማው የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ነው፤ በቦንጋ ኬክሮስ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ለተመራማሪው የሚቀረው መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ በለውጡ ስሌት ውስጥ የፀሐይ መውጫ ጊዜ አይገባም።

ከቁጥሩ ጋር የሚጻፈው ቃል

የ12 ሰዓት አቆጣጠር አንዱን ቁጥር በቀንና በሌሊት ሁለት ጊዜ ስለሚጠቀም፣ “9 ሰዓት” ብቻውን 15:00 ወይም 3:00 ሊሆን ይችላል። የሚለየው “ከቀኑ” ወይም “ከሌሊቱ” የሚለው ቃል ነው። በቀኑ ክፍል፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ፣ ስድስት ይደመራል። በሌሊቱ ክፍል ደግሞ አሥራ ስምንት ይደመራል፤ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ተቀንሶ ቀኑ በአንድ ያድጋል። በሁለቱም ክፍሎች 12 ቁጥር እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል 6:30 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ 12 እንደ ዜሮ ካልተቆጠረ ውጤቱ 18:30 ይሆናል። ስሌቱ በኮምፒውተር ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

```python
def to24(h, m, night):
    t = (h % 12) + (18 if night else 6)
    return t // 24, t % 24, m
```

የመጀመሪያው ውጤት በቀኑ ላይ የሚጨመረው ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ሰዓቱ፣ ሦስተኛው ደቂቃው ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በዚህ ስሌት 15:00 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደግሞ 27 ይመጣና 3:00፣ በማግሥቱ ቀን፣ ሆኖ ይወጣል።

አስቸጋሪው ክፍል ስሌቱ ሳይሆን “ቀን” እና “ሌሊት” የሚለውን መወሰን ነው። የአማርኛ ቃላት የሚከተሉት ብርሃኑን እንጂ የ12 ሰዓትን ድንበር አይደለም። “ከንጋቱ 11 ሰዓት” ብሎ የጻፈ ረዳት 5:00 ማለቱ ነው፤ ጊዜው ገና በሌሊቱ ክፍል ውስጥ ነው። መረጃ አስገቢው ንጋትን ከጠዋት ጋር ቆጥሮ ስድስት ቢደምርበት 17:00 ያገኛል። በተቃራኒው “ከምሽቱ 11 ሰዓት” 17:00 ሲሆን፣ ምሽትን በጅምላ ሌሊት ብሎ የመደበ ሰንጠረዥ በማግሥቱ 5:00 ያደርገዋል። “ከምሽቱ 2 ሰዓት” ግን በትክክል የሌሊቱ ክፍል ነው፤ 20:00 ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ አይቶ መመደብ አይቻልም፤ ቃሉና ቁጥሩ አብረው መነበብ አለባቸው። ንጋት ከ11 ጋር ሲመጣ ሌሊት፣ ጠዋት ከ12 ጋር ሲመጣ ቀን፣ ምሽት ከ11 ጋር ሲመጣ ቀን፣ ከ12 ጋር ሲመጣ ሌሊት ነው።

ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው?

ሁለተኛው ችግር ቀኑ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በዕለት ተዕለት የአማርኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ከቀደመው ቀን ጋር መቆጠሩ የተለመደ ነው። “ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት” ሲባል ተናጋሪው ማክሰኞ ቀኑን ተከትሎ የመጣውን ሌሊት ሊያስብ ይችላል፤ የ24 ሰዓት አቆጣጠር የለመደ ተማሪ ደግሞ ሰኞ ተገባዶ የገባውን ማክሰኞ 2:00 ሊያስብ ይችላል። በሁለቱ መካከል ሙሉ 24 ሰዓት አለ። ቋንቋው ለዚህ የተዘጋጀ አገላለጽ አለው፤ “ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ” የሚለው ሌሊቱን በሁለቱም ቀኖች መካከል ስለሚያስቀምጠው ጥርጣሬ አይተውም።

አንድ ምሳሌ ሙሉውን መንገድ ያሳያል። በቦንጋ አቅራቢያ ባለ የጥናት ቦታ ረዳቱ “ማክሰኞ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20፣ ከባድ ዝናብ ጀመረ” ብሎ ጻፈ እንበል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ስለነበረ፣ መስከረም 14 ሴፕቴምበር 24 ይሆናል። በስምንቱ ላይ አሥራ ስምንት ሲደመር 26 ይመጣል፤ 24 ሲቀነስ ሰዓቱ 2:20 ሆኖ ቀኑ በአንድ ያድጋል። ስለዚህ ዝናቡ የጀመረው ሴፕቴምበር 25 ቀን 2:20 ላይ ነው። ተመራማሪው ይህን በግሪንዊች ሰዓት ከተመዘገበ የሳተላይት የዝናብ መረጃ ጋር ሊያነጻጽር ከፈለገ ሦስት ሰዓት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ውጤቱ ሴፕቴምበር 24 ቀን 23:20 ይሆናል። አንዱ ዝናብ በሁለቱ መዝገቦች ውስጥ በተለያየ ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው።

“ለረቡዕ አጥቢያ” የሚለው ሐረግ ባይጻፍና ዝናቡ ማክሰኞ 2:20 ተብሎ ቢገባ ኖሮ፣ በግሪንዊች ሰዓት ሴፕቴምበር 23 ቀን 23:20 ይሆን ነበር። ሳተላይቱ በዚያ ሰዓት ዝናብ አላየም ይሆናል። ያን ጊዜ አጥኚው የራሱን የአንድ ቀን ስሕተት የሳተላይቱ ድክመት አድርጎ ሊዘግብ ይችላል። የዝናብ መለኪያው ዕለታዊ ንባብም ስሕተቱን ለመለየት ይረዳል። በኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ማለትም 9:00፣ በግሪንዊች 6:00 ላይ ነው። የምሳሌው ዝናብ በረቡዕ ጠዋት ንባብ ውስጥ መገኘት አለበት። በማክሰኞ ጠዋት ንባብ ውስጥ የሚፈልገው ሰው ቀኑን እንደሳተ ከዚህ ይረዳል።

ስሕተቱ በምን ይታወቃል?

የመመዝገቢያ መሣሪያው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ መሣሪያው ራሱ አይናገርም፤ ብርሃን ግን ይናገራል። በቦንጋ የብርሃን መለኪያ ከዜሮ በላይ ማንበብ የሚጀምረው በዓመቱ ሁሉ ከ6:00 አካባቢ እስከ 7:00 ባለው ጊዜ ነው። ንባቡ በ0:30 ገደማ የሚጀምር ከሆነ ስድስቱ ሰዓት አልተደመረም። በ12:30 ገደማ ከጀመረ ሁለት ጊዜ ተደምሯል። በ18:30 ገደማ ከጀመረ ቀንና ሌሊቱ ተገላብጧል። በ3:30 ገደማ ከጀመረ ደግሞ ችግሩ የኢትዮጵያ ሰዓት ሳይሆን መሣሪያው በግሪንዊች ሰዓት መሞላቱ ነው። የብርሃን መለኪያ በሌለበት የሙቀት መጠን ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ሙቀት ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት አካባቢ፣ ከፍተኛው ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ መታየት ይኖርበታል። ደመናማ በሆነ አንድ ቀን ይህ ሊዛባ ስለሚችል የብዙ ቀናት አማካይ መወሰድ አለበት።

በሶፍትዌር ውስጥ `Africa/Addis_Ababa` የሚለውን የሰዓት ክልል መምረጥ ይህን ችግር አይፈታም። ምርጫው ከግሪንዊች ያለውን የሦስት ሰዓት ልዩነት ብቻ ይሰጣል፤ ስድስቱን ሰዓት አያውቅም።

ይህ ፍተሻ የሚይዘው ተከታታይ ንባብ ባለው መሣሪያ ላይ ያለን የሰዓት ስሕተት ብቻ ነው። መሣሪያው በሙሉ ቀን ቢሳሳት የብርሃኑ ሰዓት አይለወጥም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ የቃል መረጃም የሚፈተሽበት ብርሃን የለውም። “9 ሰዓት” ብቻ ተብሎ የተመዘገበ መልስ ከወራት በኋላ በስሌት አይታረምም። በመሆኑም የመስክ ቅጹ ለቀኑ፣ ለአጥቢያው፣ “ከጠዋቱ” ወይም “ከሌሊቱ” ለሚለው ቃልና ለቁጥሩ የተለያዩ ቦታዎች ሊኖሩት ይገባል። የተለወጠው የ24 ሰዓት ንባብ በሌላ ዓምድ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ንባብ ግን እንደተነገረ ሳይሰረዝ ይቀመጣል።