የሚከፈት እንጂ የማይዘጋው መዝጊያ

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ከተማ የሚገኝ አንድ የሐበሻ መደብር የዕቃ ማስገቢያ በሩን የሚዘጋው በሞተር በሚጠቀለል የብረት መዝጊያ፣ በተለምዶ ሮሊንግ ሸተር በሚባለው ነው። አንድ ቀን ጠዋት መዝጊያው እንደ ወትሮው ተከፈተ። ማታ የመዝጊያው ቁልፍ ሲጫን ግን ሞተሩ አልተነቃነቀም፤ ድምፅም አላሰማም። የመክፈቻው ቁልፍ ሲጫን ሥራውን በደንብ ይሠራል። መጀመሪያ የመጣው ጠጋኝ «ካፓሲተሩ ሞቷል» ብሎ ዋጋ ነገራቸው። ባለቤቶቹ ሌላ ባለሙያ መጠየቃቸው መልካም ሆነ፤ የጠጋኙ ግምት ሞተሩ ከሚሠራበት መንገድ ጋር አይስማማምና።

ምክንያቱን ለመረዳት ሞተሩን ከውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ የሚሠራ ሞተር በራሱ አቅጣጫ መምረጥ አይችልም። በመዳብ ኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው ተለዋዋጭ ኃይል መግነጢሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል እንጂ አያዞረውም። ስለዚህ በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት እኩል ኮይሎች አሉ፤ ካፓሲተሩም በሁለቱ መካከል ይገናኛል። ኃይል በቀጥታ ለአንደኛው ሲሰጥ፣ ሁለተኛው በካፓሲተሩ በኩል ጥቂት ቀድሞ ያገኛል። መዞርን የሚፈጥረው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው። አቅጣጫ ለመለወጥ የሚደረገው ኃይሉን ከአንደኛው ኮይል አንሥቶ ለሌላኛው በቀጥታ መስጠት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ኮይሎቹ ሚና ይለዋወጣሉ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ካፓሲተሩ አንድ ሲሆን የሚያገለግለው ለሁለቱም አቅጣጫ ነው። ሞተሩ መዝጊያውን ወደ ላይ፣ ማለትም ክብደቱን ተሸክሞ፣ በጉልበት ካነሣው ካፓሲተሩ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል። ከኮይሎቹ አንዱ ቢቃጠልም እንዲሁ ችግሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይታያል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታይ ጉድለት የሚገኘው ለዚያ አቅጣጫ ብቻ በተመደበው መንገድ ላይ ነው፤ ይኸውም በቁልፉ፣ በሪሌው፣ በሊሚት ስዊቹ ወይም መዝጋትን በሚከለክለው የደኅንነት መሣሪያ ላይ።

ሁለተኛው ባለሙያ የጀመረው ከመጨረሻው ነው። በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብለው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የብርሃን ዓይኖች አሉ፤ በመካከላቸው ሰው ወይም ዕቃ ካለ በሩ እንዳይዘጋ ያደርጋሉ። ዓይኖቹ ሲበላሹ ወይም ሲቆሽሹ መቆጣጠሪያው መክፈትን ይፈቅዳል፣ መዝጋትን ግን ይከለክላል። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ የተመረቱ የመኖሪያ ቤት ጋራዥ ሞተሮች ተዘግተው ሰው እንዳይጨፈልቁ የሚከላከል ስልት እንዲኖራቸው በሕግ ስለሚገደዱ፣ «ይከፈታል ግን አይዘጋም» ለሚለው አቤቱታ በዚያ አገር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ነው። ፈተናውም ቀላል ነው፦ የግድግዳውን ቁልፍ ተጭኖ እስከ መጨረሻው አለመልቀቅ። በሩ በዚህ ሁኔታ ከተዘጋ ጥፋቱ የዓይኖቹ ነው። ወደ ምዕራብ በሚያዩ በሮች ላይ አመሻሽ ላይ ብቻ እምቢ የሚል ከሆነም፣ ዝቅ ብላ የምትገባው ፀሐይ ተቀባዩን ዓይን እያሳወረችው ሊሆን ይችላል።

የመደብሩ መዝጊያ ቁልፉ ተይዞም አልወረደም። ባለሙያው ኃይሉን ከዋናው ማብሪያ አጥፍቶ የሞተሩን ሽፋን ከፈተ። በውስጡ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ባለ ጥርስ ዘንግ፣ በዘንጉም ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱ ሁለት ዳዶዎች አሉ። በሩ ጫፍ ሲደርስ ከዳዶዎቹ አንዱ በአጠገቡ ያለውን ሊሚት ስዊች ተጭኖ ኃይሉን ይቆርጣል፤ ዳዶው ሲርቅ ስዊቹ መልሶ መገናኘት አለበት። ባለሙያው በሩን በእጅ ሰንሰለት እስከ መሐል ሳበው። በዚህ ቦታ የትኛውም ዳዶ ስዊች ስለማይነካ ሁለቱም ስዊቾች የተገናኙ መሆን ይገባቸዋል። የላይኛው ላይ ቴስተሩ ጮኸ፤ የታችኛው ላይ ዝም አለ። ምላሱ በጣት ሲጫንም የለመደውን «ቀጭ» የሚል ድምፅ አያሰማም፤ አቧራና እርጥበት አጣብቀውት ነበር። የተለወጠው ይህ ትንሽ ስዊች ብቻ ነው።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አነስተኛ መጋዘን የገጠመው የዚህ ተቃራኒ ነው። መዝጊያው ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሲታዘዝ ግን ሞተሩ እያጉረመረመ አንድ ስንዝር ያህል አንሥቶ ይቆማል። ሁለቱም «በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል» ይባሉ እንጂ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል። ዝም ያለ ሞተር ኃይል አልደረሰውም፤ የሚያጉረመርም ሞተር ኃይል ደርሶት መዞር አቅቶታል። ሲወርድ የመዝጊያው ክብደት ራሱ ስለሚያግዘው የደከመው ካፓሲተር ተሸፍኖ ይኖራል፤ ሲወጣ ይጋለጣል። ያም ቢሆን ፍርድ ከመስጠት በፊት በሩን በእጅ አንሥቶ መሞከር ያሻል። በእጅም ከመጠን በላይ ከከበደ ምናልባት ስፕሪንጉ ተሰብሯል፤ የተወጠረ ስፕሪንግ ደግሞ አጥንት ይሰብራልና ለሠለጠነ ሰው የሚተው ነው።

የመጋዘኑ በር በእጅ ያለችግር ተነሣ። ካፓሲተሩ ኃይል ከተቋረጠም በኋላ ሊያናዝር ስለሚችል በሬዚስተር አማካይነት ባዶ ተደርጎ ተለካ። በላዩ የተጻፈው 30 ማይክሮፋራድ ሲሆን የተገኘው 17 ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው ልዩነት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ይህኛው ግን ከ40 በመቶ በላይ አጥቷል። በእነዚህ ካፓሲተሮች ውስጥ ያለው በብረት የተለበጠ ስስ ፕላስቲክ፣ ኃይል በበሳው ቁጥር ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል፤ ነገር ግን በየጊዜው ጥቂት ስፋት ይከስራል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በዓመታት ይደክማል። በምትኩ የሚገባው በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልቴጅ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። ጉልበት ይጨምራል ብሎ ትልቅ ማስገባት ሞተሩን ያቃጥላል።

በመሐል መቆምን በተመለከተ ቦታውን ማስተዋል ይበቃል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም በር ሊሚቱ ተንሸራቷል፤ በተንሸራታች የግቢ በሮች ላይ በረዶ ወይም ጠጠር የመታው የሊሚት ብረት እንዲህ ያደርጋል። በተለያየ ቦታ ቆሞ ከሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ ያለ ጥገና የሚነሣ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ የሙቀት መከላከያው ቆርጦታል። በመዝጊያው ቱቦ ውስጥ የሚገቡት ሞተሮች ሳያርፉ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ልጆች በሪሞት ሲጫወቱበት የሚቆመውም ለዚህ ነው።

ይህ ስሌት ከአሜሪካ ገዝተው ወደ አገር ቤት ለሚልኩም ይሠራል። የአሜሪካው ሞተር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሲሆን የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። በዚህ የተነሣ ሞተሩ ወደ 17 በመቶ ቀርፎ ይዞራል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ ካፓሲተሩም ለሁለተኛው ኮይል የሚያሳልፈው ኃይል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ በመሐል እየቆመ የሚያስቸግር ከአሜሪካ የመጣ የግቢ በር ካለ፣ ሊሚቱን ከመነካካት በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይቀድማል።