ፎቶ የተነሣ ኖታ እንዴት ይነበባል?

ኖታን በኮምፒውተር የማስነበብ ሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጃፓኑ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዋቦት-2 የተባለ ሮቦት ኖታ በካሜራ እያነበበ ኦርጋን ይጫወት ነበር። ዛሬ ኦዲቬሪስን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ያንኑ የንባብ ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራል። ያም ሆኖ ስካነር ያነሣው ገጽ ሌላ፣ በስልክ የተነሣው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ አምስቱን መስመሮች መፈለግ ነው። የድምፁ ስም የሚታወቀው ኖታው ከመስመሮቹ አንጻር ካለው ቦታ ስለሆነ፣ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። በተለመደ ኅትመት በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከመስመር ወደ ቀጣዩ ክፍተት ለመሻገር የዚያ ግማሽ ይበቃል። መጽሐፉ መሐሉ ላይ ሲጎብጥ መስመሩም አብሮ ይታጠፋል፤ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለ መስመር ከጠበቀ «ፋ»ን «ሶል» ብሎ ይጽፋል።

የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ የታወቀ ዜማ እንውሰድ። ከቁልፉ ቀጥሎ ሁለት ሻርፕ አለ፤ በፋ እና በዶ ላይ። ይህ ሬ ሜጀር ወይም ሲ ማይነር ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ብቻውን አይለያቸውም፤ ስምንተኛው ባር ላይ ዜማው ሬ ላይ ሲያርፍ ግን ሬ ሜጀር መሆኑ ይታወቃል። የምቱ ምልክት 4/4 ነው፤ እያንዳንዱ ባር አራት ሩብ ኖታ ይይዛል ማለት ነው።

አራተኛው ባር ፋ ሻርፕ ባለነጥብ ሩብ፣ ሚ ስምንተኛ፣ ሚ ግማሽ ነው። ሲደመር 1.5፣ 0.5 እና 2፣ በጠቅላላው 4 ይሆናል። ፎቶው ደብዝዞ ነጥቧ ከጠፋች ድምሩ 3.5 ይሆናል፤ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። ለዚህ ነው በእጅ የሚያርም ሰው መጀመሪያ ባሮቹን መደመር ያለበት።

የከፋው ስሕተት ድምር የማይነካው ነው። የጣት ጥላ የዶን ሻርፕ ቢሸፍን ፕሮግራሙ አንድ ሻርፕ ብቻ አይቶ «ሶል ሜጀር» ይላል። በዚህ ዜማ 16 ባሮች ውስጥ ደግሞ ዶ የለም! የኖታው ዝርዝር አንድም ሳይሳሳት ይወጣል፣ ባሮቹም ይሞላሉ፣ «ሶል ሜጀር» መባሉ ግን ስሕተት ነው። ስለዚህ የሻርፑን ቁጥር በየረድፉ መጀመሪያ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ምልክቱ በየረድፉ ስለሚደገም ጥላው አንዱን ቢሸፍን ሌላው ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ካሜራ-ፕሪመስ የተባለ የሥልጠና ስብስብ ወጣ፤ ምስሎቹ ሆን ተብሎ እንዲጣመሙና እንዲደበዝዙ ተደርገዋል። በዚህ የሠለጠነ ሥርዓት መስመሩን ለይቶ ሳይፈልግ ረድፉን በአንድ ጊዜ ያነባል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ግን አምስት መስመር ሳይኖረው ከቃሉ በላይ ስለሚጻፍ፣ ከእነዚህ አንዱም አያነበውም።