የማያመው ምልክት
(በዕድር ስብሰባ ላይ የሚቀርብ የጤና ንግግር)

የዕድራችን ዳኛ ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይገቡ ጥቂት ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ አላስረዝምባችሁም።

የማወራችሁ ቆዳ ላይ ስለሚወጣ ምልክት ነው። ለቆዳ ብሎ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እያከከ ነው የሚገባው። እከክ፣ ጭርትና ችፌ እንቅልፍ ስለሚነሱ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመጣል። መምጣቱ ደግ ነው፤ ብዙዎቹ በቅባት ወይም በክኒን ይመለሳሉ። ዘግይተን የምናያቸው ግን የማያሳክኩት፣ የማያሙት፣ «ምንም አላለኝም እኮ» ተብለው ዓመት ሁለት ዓመት የሚከርሙት ናቸው። ዛሬ ከነዚህ ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያው ስሜት ያጣ ምልክት ነው። ከሌላው ቆዳ ነጣ ያለ ወይም መዳብ የመሰለ፣ ጀርባ ላይ፣ ክንድ ላይ፣ ጭን ወይም ፊት ላይ የሚወጣ። ቆዳችን ላይ ነጣ ያለ ነገር ሲታይ ቶሎ የምንለው «ቋቁቻ ነው» ወይም «ለምጽ ነው» ነው። ልዩነታቸው ግን ይታወቃል። ቋቁቻ ብዙ ነጠብጣብ ሆኖ ደረት፣ አንገትና ጀርባ ላይ ይበተናል፤ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት መሳይ ቅርፊት ይነሳል። ለምጽ ቀለሙ ጨርሶ የጠፋ ነው፤ እንደ ኖራ ይነጣል። በሁለቱም ላይ ግን የዳሰሳ ስሜት እንዳለ ነው። ስሜት ያጣው ምልክት ግን እንደ ኖራ አይነጣም፤ ፈዘዝ ብቻ ይላል። ፀጉሩ ይሳሳል። ፀሐይ ላይ ሠርታችሁ ሌላው ገላችሁ በላብ ሲርስ እሱ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሲነኩትም አይሰማውም። ይህ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ስሙን ስጠራ የአንዳንዶቻችሁ ፊት ተለወጠ። የሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ ዘር ቆጥሮም አይመጣም። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ያገኘው። በጣም ዘገምተኛ ነው። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የሚያጠቃው ስሜት የሚያደርሱልንን ነርቮች ስለሆነ ነው ምልክቱ የማያመው። ጣት የሚያሳጣውም ባክቴሪያው ራሱ ጣት እየበላ አይደለም። እጇ ስሜት ያጣ እናት ምጣድ ሲያቃጥላት አታውቅም፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሚስማር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ አጥንት ይደርሳል፤ ጣት የሚሄደው እንዲያ ነው።

ምርመራው ቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። አንዲት እናት የልጇ ክንድ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ፈዛዛ ምልክት አየች እንበል። ጥቂት ጥጥ ወስዳ ጫፉን ታሾላለች። በመጀመሪያ ልጁ ዓይኑን ገልጦ እያየ ደህናውን ቆዳ ጫፉ እስኪታጠፍ ብቻ ለስለስ አድርጋ ትነካውና «በነካሁህ ቁጥር በጣትህ አሳየኝ» ትለዋለች። ልጁ ሲገባው ዓይኑን ይጨፍናል። አሁን አንዴ ደህናውን፣ አንዴ ምልክቱን፣ ተራ ሳትጠብቅ ትነካካለች። ደህናው ላይ በየጊዜው ጣቱን አኑሮ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ፣ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በመርፌ እንዳትሞክሩት፤ ያቆስላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ፊት ላይ የወጣ ከሆነ ስሜቱ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል፤ ፊት ነርቭ ይበዛበታልና። ስለዚህ ፊት ላይ ያለ ፈዛዛ ምልክት ቢሰማውም ይታይ።

ሕክምናው በነፃ ነው። ሦስት መድኃኒት በአንድ እሽግ ይሰጣል። ምልክቶቹ እስከ አምስት ከሆኑ ባብዛኛው 6 ወር፣ ከዚያ በላይ ከሆኑ 12 ወር ይወሰዳል። ሽንት ቀላ ይላል፣ ቆዳም ይጠቁራል፤ ከመድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጡ፣ አታቋርጡትም። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በሽታውን ማስተላለፉ ቶሎ ስለሚያቆም ከማዕድም ከቡናም የሚለይበት ምክንያት የለም። ቶሎ ኑ የምለው ስለ ነርቩ ነው። ስሜት ወይም ጉልበት ከጠፋ 6 ወር ካልሞላው ነርቩን የሚያድን መድኃኒት አለ። ከዚያ ካለፈ ባክቴሪያው በመድኃኒቱ ይሞታል፤ የጠፋው ስሜት ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ሁለተኛው ጥቁር ምልክት ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር የሚወጣ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው ይባላል። ነጮችን በብዛት ማጥቃቱ እውነት ነው። እኛን ጥቁሮችን ሲይዝ ግን ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ ይመርጣል። እዚያ ደግሞ ማንም አያይም።

ቦብ ማርሊን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቁስል ነበረው፤ ኳስ ሲጫወት የተመታው ይመስለው ነበር። ሲመረመር ሜላኖማ ሆነ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ እሱ አልፈለገም። ጥፍሩና የጥፍሩ መደብ ተነሥቶ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተተከለለት። ዘፈኑን ቀጠለ፤ በ1978 እኛም አገር መጥቶ ሻሸመኔን ጎብኝቷል። በ1980 መስከረም ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ካንሰሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በግንቦት 1981፣ በ36 ዓመቱ አረፈ። ጣቱ ቢቆረጥ ኖሮ ይድን ነበር ብሎ መማል አይቻልም። «ምት ነው» የሚለው ቃል ግን ስንቱን ሰው እንደሚያዘናጋ እኛ እናውቃለን።

ታዲያ ምትን ከካንሰር በምን እንለያለን? ጥፍሩን ጠይቁት። የእግር አውራ ጣት ጥፍር በወር አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያድጋል። የደም ምት ጥፍሩ ላይ ተለጥፎ አብሮት ይሄዳል። በሁለት ወር ውስጥ ከሥሩ በኩል የስንዴ ቅንጣት ውፍረት የሚያህል ንጹህ ጥፍር ይወጣል፤ ጥቁሩ ወደ ጫፍ ይገፋል። ካንሰሩ ግን ሥሩ ከታች ስለሆነ አይሄድም፤ ጥቁሩ ከሥር እየተመረተ ይቀጥላል። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አኑሩ፤ ቀኑን ያዙ። መመታታችሁን በትክክል ካላስታወሳችሁ ግን ሁለት ወር አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ሂዱ።

ብዙዎቻችን ጥፍራችን ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የወረደ ቡናማ መስመር አለን። በብዙ ጣቶች ላይ ካለና ለዓመታት ካልተለወጠ የቀለማችን ነገር ነው። የሚያሳስበው በአንድ ጣት ብቻ፣ በተለይ በአውራ ጣት ላይ ወጥቶ የሚሰፋው ነው፤ ከጫፉ ይልቅ ሥሩ ጋ የሚወፍረው፣ ጥፍሩን የሚሰነጥቀው። ከሁሉ የከፋው ጥቁሩ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ሲቀባ ነው። ውስጥ እግር ላይም እንዲሁ፦ ትንሽ፣ ወጥ ቀለም ያለውና ለዓመታት ያልተለወጠ ነጥብ ብዙ ሰው አለው። ጠርዙ የተዘነጣጠለ፣ ቀለሙ ጥቁርም ቡናማም የተቀላቀለበት፣ እየሰፋ ያለ ወይም ወደ ቁስል የተለወጠ ግን መታየት አለበት። ኪንታሮት ነው ብላችሁ በምላጭ አትላጡት፤ መድኃኒት ነው የተባለ ቅጠልም አታስሩበት።

እናቶች፣ ለእናንተ ለብቻ አንድ ነገር ልበል። እንሶስላና ሂና ያምራል፤ ጥቁሩን ግን ይሸፍናል። ቀለሙ ለቅቆ ጥፍሩ ንጹህ ሲሆን አንድ ጊዜ ሳታዩት ደግማችሁ አትሙቁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም የጥፍር ቀለማችሁን አጥቡ።

ሦስተኛው የማይድን ቁስል ነው፤ እሱን ባጭሩ። ቁስል በ4 ሳምንት ውስጥ መጠገን አለበት፣ ቢያንስ መጥበብ መጀመር አለበት። በተለይ ሁለት ሰው ይህን ቀጠሮ አያሳልፍ። አንዱ በልጅነቱ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ ነው። ጠባሳው ከስንት ዓመት በኋላ ተሰንጥቆ አልገጥም ካለ፣ ጠርዙ ካበጠና ሲነካ ከደማ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሌላው አልቢኒዝም ያለበት ነው። ቆዳው ከፀሐይ የሚከላከልለት ቀለም ስለሌለው ፊቱ፣ ጆሮው፣ ከንፈሩና አንገቱ ላይ የሚወጣ ቁስል በወጣትነቱም ቢሆን በቸልታ አይታለፍ።

አንድ አባት ቅድም በር ላይ ጠየቁኝ፦ «ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል ይባላል፤ ታዲያ እንዴት ቆርጣችሁ ትመረምራላችሁ?» ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ ነው። ባዮፕሲ ማለት ቦታውን አደንዝዞ ቁራጭ ቆዳ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ካንሰሩን አያሰራጭም። ሰዉ እንዲህ የሚለው ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ ከተቆረጠ በኋላ ሲሞት እያየ ነው። በሽታው ግን ቢላው ሳይነካው በፊት ተሰራጭቶ ነበር። ገና ቀጭን ሳለ ተቆርጦ የወጣ ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይድናል።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ሦስት ነገር ንገሩ፦ መቼ እንዳያችሁት፣ ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደቀባችሁበት። ቅባት ተሰጥቷችሁ በወር ውስጥ ካልተለወጠ ተመለሱና ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ መብራት አቅርባችሁ ውስጥ እግራችሁንና በጣቶቻችሁ መካከል እዩ። ጀርባችሁን ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ይይላችሁ። አጎንብሰው ማየት ለማይችሉ አዛውንት ደግሞ፣ እናንተ ወጣቶች፣ እግራቸውን እጠቡላቸውና እዩላቸው። ያያችሁት ነገር ስላላመማችሁ ብቻ አትተዉት።

ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።